ባጃጅ ሲዞር ወደ ውጭ እየተገፋሁ፣ ኃይሉ እንዴት ወደ ውስጥ ነው?

ማህሌት፦ 11ኛ ክፍል ነኝ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በባጃጅ ስሄድ አደባባይ በዞርን ቁጥር ወደ ቀኝ ተንሸራትቼ ከጎኑ ብረት ጋር እጋጫለሁ። የአደባባዩ መሃል በግራዬ ነው። መጽሐፉ ግን ኃይሉ ወደ መሃል ነው ይላል። ሰኞ ፈተና አለን፣ እባካችሁ አስረዱኝ።

ዳዊት፦ ሁለቱም አሉ። ሴንትሪፔታል ወደ ውስጥ፣ ሴንትሪፉጋል ወደ ውጭ። እኩል ስለሆኑ ይጣፋሉ፣ ለዚያ ነው ክቡን ሳትለቂ የምትዞሪው።

መምህሩ፦ ዳዊት፣ ቢጣፉማ ባጃጁ ቀጥ ብሎ ከመንገድ በወጣ ነበር። ኃይሎቹ ከተጣፉ ምን ያጥፈዋል? ማህሌት፣ ወንበሩ ላይ ስትንሸራተቺ በግራሽ ሆኖ የገፋሽ ሰው ነበር?

ማህሌት፦ ኧረ ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አልነካኝም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ወደ ውጭ የገፋሽ የለም። አንቺ በያዝሽው አቅጣጫ ቀጥ ብለሽ እየሄድሽ ነው፤ ወደ ግራ የታጠፈው ባጃጁ ነው። ወንበሩ ስለሚያዳልጥ ይዞሽ መታጠፍ አልቻለም። ብረቱ ጋ ስትደርሺስ፣ ትከሻሽን ወዴት ገፋው?

ማህሌት፦ ወደ ግራ... እንዴ፣ ወደ መሃል! ያ ብረት ባይኖር አስፋልት ላይ ነበርኩ። ቆይ ግን፣ ሹፌሩ እኮ ፍጥነት አልጨመረም። አክስለሬሽኑ ከየት መጣ? አሃ፣ አቅጣጫዬ ተቀይሯል! እሱንም የቀየረው ብረቱ ነው።

መምህሩ፦ በይ ጎበዝ። ብረቱና የወንበሩ ሰበቃ ተባብረው ነው። ሴንትሪፔታል የሚባል ራሱን የቻለ ሌላ ኃይል አትፈልጊ፤ ሥዕል ስትሠሪ የነካሽ ነገር የሚያሳርፍብሽን ኃይልና የመሬት ስበትን ብቻ ሣዪ። 60 ኪሎ ብትሆኚ፣ ባጃጁ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ፣ ራዲየሱም 10 ሜትር ቢሆን፦

`F = mv²/r = 60 × 25 / 10 = 150 N`

ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን 600 ኒውተን ይሆናል፤ የራስሽን ክብደት ያህል ማለት ነው። ባጃጁ ግን እዚያ ሳይደርስ ወይ ይንሸራተታል ወይ ይገለበጣል።

ዳዊት፦ ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ባሰላስ? እዚያ ሴንትሪፉጋል አለ።

መምህሩ፦ ከባጃጁ ጋር እየዞርክ ከቆጠርክ ማስገባት ትችላለህ። ያኔ ግን አንተ ለራስህ የቆምክ ነህ፣ የምትዞር አይደለህም። ሰኞ ግን ከመንገድ ዳር ቆማችሁ አስሉ።

ባጃጅ ነጂ፦ እኔ ሥራዬ ነው። ዝናብ ሲጥል አደባባይ ላይ የሚያንሸራትተኝ ሦስት ሰው ስለጫንኩ ነው?

መምህሩ፦ ለመንሸራተቱ ዋናው ፍጥነትህና የጎማህ ማለቅ ነው። ጭነት ሲጨምር የሚያስፈልገው ኃይልም፣ ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት ኃይልም አብረው ይጨምራሉ። መገለበጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባጃጅ ነጂ፦ እኔማ የፈራሁት መገለበጡን ነው። ከላይ ዕቃ ስጭንበት እንዴት ነው?