ሠርጉ እሁድ፣ ሀብሉ የለም! 21 ወይስ 18 ካራት?

የሰበታ ልጅ፦ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ! ለወንድሜ ሙሽራ ያዘዝነው ሀብል አልደረሰም። አሁን ፒያሳ ወርቅ ቤት ቆሜያለሁ። ከተሠሩት ሁለት መርጫለሁ፤ አንዱ 21 ካራት፣ 10 ግራም፣ ልሙጥ። ሌላው 18 ካራት፣ 12 ግራም፣ ፈርጥ ያለው፣ በጣም ያምራል። ዋጋቸው እኩል ነው። ቤተሰቡ ያዋጣው ከዚህ አያልፍም።

እማማ ዘውዴ፦ 21 ነው ወርቅ ማለት ልጄ። 18ቱ ቅይጥ ነው፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይጠቁራል። በኛ ጊዜ ሙሽራ በግራም ነበር የምትታየው።

ቡራዩ 07፦ ለምን ሀብል? ብሩን ለቤት ኪራይ ስጧቸው።

የሰበታ ልጅ፦ ጥሎሽ ነው ወንድሜ! ሽማግሌ ፊት ኪራይ ላሳይ?

መዶሻ፦ ስምንት ዓመት ወርቅ ሠርቻለሁ። እማማ፣ 18 ላብ ካገኘው ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሲወለወል ግን ይመለሳል። እህቴ፣ 12ቱ ግራም ከነፈርጡ ነው?

የሰበታ ልጅ፦ ከነፈርጡ። ፈርጡ ወደ 1 ግራም ተኩል ነው አለኝ።

መዶሻ፦ እንግዲያው ወርቁ 10 ግራም ተኩል ነው። 18 ካራት ከአራቱ ሦስት እጅ ስለሆነ፣ ንጹሁ 8 ግራም እንኳ አይሞላም። የ21ዱ 10 ግራም ግን 8.75 ንጹህ አለው። ለፈርጡ በወርቅ ዋጋ እየከፈልሽ ነው። ነገ ልሽጥ ብትል ፈርጡን ይቀንሱባታል፣ የእጅ ዋጋውም አይመለስም። ፈርጡን ቀንሶ ይመዝንልሽና የእጁን ለብቻ ይንገርሽ።

ቶሎሳ፦ የኔ ሚስት ሀብል በሠርጉ ዕለት ጥልፉ ላይ ተጠልፎ ተበጠሰ። እስከዛሬ እኔ ነኝ የምከሰሰው 😂

መዶሻ፦ ቶሎሳ ቀልዶ እውነቱን ተናገረ። 21 ለስላሳ ነው። እህቴ፣ ርዝመቱ ስንት ነው?

የሰበታ ልጅ፦ 60 ሳንቲሜትር።

መዶሻ፦ 10 ግራም በ60 ሲዘረጋ ክር ይሆናል። በዚያው ግራም 45 የሆነ ካለ ውፍረቱ ይጨምራል፤ አንገቷ ላይም ጎልቶ ይታያል። ወፍራም ሆኖ እጅሽ ላይ ቀለል ካለሽ ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው፤ አንዴ ከተጨረመተ አይቃናም። ቁልፉ አጠገብ 875 የሚል ማህተም ፈልጊ፣ ደረሰኙ ላይም ግራምና ካራቱ ይጻፍ።

እማማ ዘውዴ፦ እኔም 21 ብያለሁ።

ሰላም ከገላን፦ ሙሽራዋ ግን የቱን ነው የምትወደው? የኔ ሀብል 21 ነው፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ፈርጥ ያለው ቢሰጠኝ ኖሮ በየቀኑ አደርገው ነበር።

የሰበታ ልጅ፦ 45 የሆነ አለ፣ ግን 11.2 ግራም ነው። ብሩ አይበቃም። የእጅ ዋጋ እንዲቀንስ እየለመንኩት ነው፣ ስልኬም ሊዘጋ ነው

ቡራዩ 07፦ ገዛሽ?