ለመረጥናት ተወዳዳሪ የላክሁት መልእክት አልገባትም፤ ቶሎ አርሙልኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ። ለሒሳብ ሠራተኛነት የመረጥናትን ልጅ ትናንት ማክሰኞ ደውዬ ሥራው የእሷ መሆኑን ነገርኳት። አለቃዬ «በአጭር መልእክት አረጋግጥላት፣ እስከ ዓርብ መልስ ትስጠን» አለኝ። ቅድም ይህን ላክሁ፦

«ሰላም። እንኳን ደስ አለሽ፣ ለሥራው ተመርጠሻል። በተነጋገርነው መሠረት ውሳኔዎን ቶሎ ያሳውቁን። ሌላውን በሂደት እናሳውቃለን።»

«ምኑን ነው የምወስነው?» ብላ መለሰችልኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አስተካክዬ መላክ አለብኝ። ምኑ ነው ያልገባት?

ቀልደኛው፦ «ቶሎ» ለአለቃህ ዓርብ ነው፣ ለእሷ ደግሞ ከደመወዝ በኋላ። «በሂደት» ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ጋሽ መምህር፦ ወንድሜ፣ ስህተቱ የተጀመረው ስልኩ ላይ ነው። ቅጥር በደብዳቤ እንጂ በስልክ አይነገርም። ደግነቱ በቃል የተባለ ነገር ማንንም አያስርም፤ ስለዚህ አትደንግጥ፣ ደብዳቤው ሲደርስ ሁሉም ይስተካከላል።

የቅጥር ክፍል ሰው፦ ጋሼ፣ ስልኩ ምንም ክፋት የለበትም፤ ደውሎ መንገር የተለመደ ነው። «ማንንም አያስርም» ያሉት ግን ያሳስታል። በብዙ አገሮች የሥራ ውል በቃልም ሊጸና ይችላል። «ሥራው ያንቺ ነው» ብሎ ደመወዝ ነግሯት እሷም «እሺ» ካለች፣ በኋላ «ማስረጃዎ አልተሟላም» ማለት ያከራክራል። ቅድመ ሁኔታ ካለ አሁኑኑ በጽሑፍ መግባት አለበት።

ጠያቂ፣ ሁለት ነገር ንገረን። ደመወዙን በስልክ ነግረሃታል? የቅጥር ደብዳቤውስ መቼ ይፈረማል?

እመቤት፦ ቀን ይጻፍበት። «ቶሎ» አይሠራም።

ጠያቂ፦ ደመወዙን ነግሬያታለሁ። ደብዳቤውን የሚፈርመው ሰው የሚመለሰው ሐሙስ ማታ ነው።

የቅጥር ክፍል ሰው፦ እንግዲያው ችግሩ የቃላት ብቻ አይደለም። ደብዳቤው ሐሙስ ማታ ተፈርሞ ዓርብ ጠዋት ይደርሳታል፤ እናንተ ደግሞ ዓርብ ወስኚ እያላችኋት ነው። ያላየችውን ወረቀት በጥቂት ሰዓት እንድትቀበል መጠየቅ ነው። እንዲህ ሲሆን ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ዓርብ «እሺ» ብሎ ሰኞ ውሉን ሲያነብ ሐሳቡን ይቀይራል። መጀመሪያ ደብዳቤው የሚደርስበትን ቀን አስቀምጥ፣ የመልሱን ቀን ከዚያ ቁጠር። ቅዳሜና እሑድን አስበህ ሰኞ ብታደርገው ለእናንተም የሚጨምረው አንድ የሥራ ቀን ብቻ ነው።

እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሪት ……። ትናንት በስልክ እንደተነጋገርነው በሒሳብ ሠራተኛነት ልንቀጥርዎ እንፈልጋለን። የወር ደመወዙ ሳይጣራ …… ሲሆን ሥራ የሚጀምሩት ሰኞ ሰኔ 1 ነው። ቅጥሩ የሚጸናው የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃዎ ዋናው ታይቶ ደብዳቤው በሁለታችንም ሲፈረም ነው። ደብዳቤውን ዓርብ ግንቦት 7 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት በኢሜይል እንልክልዎታለን። አንብበው እስከ ሰኞ ግንቦት 10 ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ለዚሁ መልእክት ‹እቀበላለሁ› ወይም ‹አልቀበልም› ብለው ይመልሱልን። እስከዚያ መልስ ካልደረሰን እንደተዉት እንቆጥራለን። ጥያቄ ካለዎት በ…… ይደውሉልኝ።»

ከሥር ስምህንና ኃላፊነትህን ጻፍ። «ሳይጣራ» የሚለውን እንዳትቆርጠው፤ በስልክ የሰማችውን ቁጥር እጇ ላይ የሚደርስ መስሏት ከሆነ ጠቡ የሚነሳው በመጀመሪያው ደመወዝ ቀን ነው።

እመቤት፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ ቀን ይጻፍ።

አንባቢ 3፦ ይቅርታ፣ እኔም ኦፈር ደርሶኛል። እስከ ነገ መልሺ ብለውኛል፣ የሌላ ቦታ ውጤት ግን ገና ነው። ምን ልበላቸው?

የቅጥር ክፍል ሰው፦ እህቴ፣ ያንቺ የተገላቢጦሽ ነው፤ ባጭሩ ልመልስልሽ። ቀኑ ሳያልፍ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፣ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ሳይሆን «እስከ ሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት እመልሳለሁ» በዪ። ቀን ቆርጦ የጠየቀን ሰው ብዙ ጊዜ ይታገሡታል።

ተጠራጣሪ፦ ለምን ቀነ ገደብ አስፈለገ? ተመርጣለች ከተባለ ተመርጣለች። ይህ ማስፈራራት ነው። «እንደተዉት እንቆጥራለን» የሚል መልእክት ቢደርሰኝ እኔ አልሄድም።

የቅጥር ክፍል ሰው፦ ተጠባባቂ ተወዳዳሪ አለ። ይቺኛዋ ሳትመልስ እሱን ማሰናበትም መቅጠርም አይቻልም። ደግሞ ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ካልተጻፈ፣ ሰኞ አልፎ ሐሙስ ተነሥታ «ተቀብያለሁ» ብትል ቦታው ለሌላ ከተሰጠ በኋላ ምን ትላታለህ? አነጋገሩ ከከበደህ «ጥያቄያችን የሚቆየው እስከዚያ ሰዓት ነው» ማለት ይቻላል፤ ፍሬ ነገሩ አይቀየርም።

ተጠራጣሪ፦ ያኛው ይሻላል። አሁንም አልወደድኩትም።

ሰዓት ቆጣሪው፦ «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን እንዳትተው። «እስከ 10 ሰዓት» ብቻ ከሆነ፣ ስልኳ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ሰው ጠዋት ያለውን አስር ሰዓት ልትይዝ ትችላለች፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። «በ48 ሰዓት ውስጥ» ማለትም አይሻልም። ከስልኩ ነው የሚቆጠረው፣ ከመልእክቱ ወይስ ካነበበችበት?

ቀልደኛው፦ ካነበበችበት ከሆነ ሳትከፍተው ጡረታ ትወጣለች።

ጋሽ መምህር፦ የመጀመሪያው መልእክት «አለሽ» ብሎ ጀምሮ «ውሳኔዎን» ብሎ ይጨርሳል። ይህስ ስህተት አይደለም ልትሉ ነው?

የቅጥር ክፍል ሰው፦ በዚህስ ልክ ነዎት። በስልክ «አንቺ» ተባብለው ቢሆንም ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች «እርስዎ» ይሁን፤ ደብዳቤውም እንደዚያው ስለሚሆን።

ሒሳብ ያዥ፦ አንድ ነገር አለፋችሁ። ልጅቷ አሁን ሥራ ላይ ናት? ከግንቦት 10 እስከ ሰኔ 1 ያለው 21 ቀን ብቻ ነው። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ካለባት ሰኔ 1 መጀመር አትችልም፤ «ምኑን ነው የምወስነው?» ያለችውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦ አዎ፣ ሥራ ላይ ናት። 30 ቀን አለብኝ ብላ ነበር፣ ረስቼው ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ እንግዲያው ሰኞ ፈርማ ማክሰኞ መልቀቂያ ብታስገባ 30ው ቀን ሰኔ 11 ይሞላል። መጀመሪያውን ሰኞ ሰኔ 15 አድርገው። «በሁለታችንም የተፈረመው ደብዳቤ እጅዎ ሳይገባ መልቀቂያ አያስገቡ» የሚል ዐረፍተ ነገርም ጨምርበት። ደብዳቤው አንድ ነገር ቢሆን ሁለቱንም ሥራ አጥታ እናንተው በር ላይ ነው የምትቆመው።

ተጠራጣሪ፦ ይህኛው እንኳ ደስ ብሎኛል።

ጠያቂ፦ ሰኔ 15 አድርጌ ላክሁ፣ አንብባዋለች። አለቃዬ ግን «ሰኞን ማን ፈቀደልህ?» እያለኝ ነው። ተጠባባቂውም አሁን ደወለ፤ አልቀረህም ልበለው ወይስ አልተሳካም?

የቅጥር ክፍል ሰው፦ ሁለቱንም አትበለው። «ምርጫው ገና አልተጠናቀቀም፣ ማክሰኞ ግንቦት 11 እደውልልሃለሁ» በለው፣ በዚያው ቀንም ደውል። ለአለቃህ ደብዳቤው ዓርብ ጠዋት እንደሚደርሳት አሳየው።

እመቤት፦ ለእሱም ቀን ጻፍለት።

አንባቢ 3፦ እኔ ሰኞ ብዬ ጻፍኩላቸው፣ እስካሁን መልስ የለም።

ሰዓት ቆጣሪው፦ ጠያቂ፣ አለቃህ በሰኞ ተስማማ?