«የአመለካከት ችግር» ደግሞ ተጀመረ

የካዛንቺሱ፦ ትናንት በሬዲዮ አንድ ኃላፊ «ሠራተኛው ለውጡን የሚቃወመው የአመለካከት ችግር ስላለበት ነው» ሲሉ ሰማሁ። የለውጥ ፕሮግራም በመጣ ቁጥር ይሄው ነው፤ ቢፒአር ሲመጣ አመለካከት፣ ቢኤስሲ ሲመጣ አመለካከት፣ ካይዘን ሲመጣም አመለካከት። መቼ ነው ሌላ ምክንያት የምንሰማው?

ባለጉዳይ ነኝ፦ ሰውየው ምን አጠፉ? ሰኞ ብትሄድ «ሲስተም የለም»፣ ማክሰኞ «ስብሰባ ናቸው»። ለሻይ ስትል ሲስተሙ ይመጣል። ይሄ አመለካከት ካልሆነ ምንድን ነው?

የድሮ ፋይል፦ ሻዩን አልክድም። ግን በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በቢፒአር ጊዜ፣ ሰው ሀብት ውስጥ ነበርኩ። ጥናቱ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ የሚያጠኑት ባለሙያዎች ራሳቸው የት እንደሚመደቡ አለማወቃቸው ነው። መዋቅሩ ወጣ፣ ሰው ለገዛ ወንበሩ እንደ አዲስ ተወዳደረ፣ ቦታ ያጣው «ተንሳፋፊ» ተባለ። ደመወዝ አለው፣ ጠረጴዛ የለውም። ያንን ያየ ሰው ዛሬ «ጥናት ሊጠና ነው» ሲባል የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ፋይል እጁ ላይ ያቆያል። እሱ ከሌለ ሥራው ከቆመ ማን ያንሳፍፈዋል?

ሜክሲኮ፦ ጋሼ፣ አሁን እኮ ማንም ከሥራው እንደማይነሳ ተነግሯል። ለእኔ ቡድን እኔው ራሴ ተናግሬያለሁ።

የካዛንቺሱ፦ በደብዳቤ ነው በአፍ?

ሜክሲኮ፦ በስብሰባ። ቃለ ጉባኤ አለ።

የካዛንቺሱ፦ ቃለ ጉባኤ! በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ጊዜም ነበረን እኮ፣ የወሩን ሁሉ ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብለን የምንሞላው።

ፒያሳ 06፦ የእኔንም ስሙኝ። የሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው ሲመጣ አንድ ቢሮ ተቀምጠን አንድ ሥራ የምንሠራው ጓደኛዬ መደብ ከእኔ በላይ ሆነ። ቅሬታ አስገባሁ፣ እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ሜክሲኮ፦ እህቴ፣ የምናወራው ስለ ለውጥ ነው፣ ስለ ደረጃ አይደለም።

ፒያሳ 06፦ የእኔን ደረጃ ያበላሸው ምን ሆኖ ነው ታዲያ?

ባለጉዳይ ነኝ፦ ይኸው! ሁሉም ስለ ራሱ። ለእኛ ማን ያስብ? በ2017 መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሲከፈት ያየነው መስኮት ነው የሚያዋጣው፤ ወረቀትህን ሰጥተህ ጨርሰህ ትወጣለህ። ሁሉም መሥሪያ ቤት እንደዚያ ይሁን፣ አለቀ።

የድሮ ፋይል፦ መስኮት መክፈት ቀላል ነው ወንድሜ። የማውቀውን አንድ ፈቃድ የሚያድስ ቢሮ ልንገርህ። ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ወደ ባለሙያ፣ ወደ ቡድን መሪ፣ ወደ ዳይሬክተር ይሄድ ነበር። ሁሉንም በአንድ መስኮት አደረጉት። መመሪያው ላይ ግን «በዳይሬክተሩ ፊርማ» የሚለው አልተነሳም። ስለዚህ የመስኮቷ ልጅ ፋይሉን በጓሮ ደረጃ አራተኛ ፎቅ ትወስዳለች፣ ባለጉዳዩ እታች አዲስ ወንበር ላይ ይጠብቃል። የገቢ ማህተሙንና የፊርማውን ቀን አስተያያቸው፤ ልዩነቱ እንደ በፊቱ ነው። እሷ ልፈርም ብትል፣ ኦዲት ሲመጣ የሚጠየቀው ማን ነው? አመለካከቷ ወርቅ ቢሆን አትፈርምም፤ እኔም አልፈርምም።

ሜክሲኮ፦ እና መመሪያ እስኪሻሻል እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

የድሮ ፋይል፦ አላልኩም። እዚያው ቢሮ ቆይተው ያደረጉትን ልጨርስ። ዳይሬክተሩ ለቀላሉ እድሳት፣ ሰነዱ ለተሟላው ማለቴ ነው፣ የፊርማ ውክልና በደብዳቤ ሰጠ። ደብዳቤው ላይ በየሳምንቱ ከተፈረሙት ጥቂቱን እየመዘዘ እንደሚያይና ስህተት ሲገኝ መጀመሪያ ማስተካከያ፣ ሲደገም ብቻ ተጠያቂነት እንደሚከተል ተጻፈ። ከባዱ ፋይል እሱ ዘንድ ቀረ። ቡድን መሪዎቹንም አልረሳቸውም። ፊርማቸውን ሲያጡ ክብራቸውንም እንዳያጡ፣ የሚመዘዘውን ፋይል የሚመረምሩት እነሱ ሆኑ። ያለዚያ ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፉት እነሱ ነበሩ፤ የሚቃወሙ አይመስሉም እንጂ «ትንሽ ይቆይ፣ ይጣራ» እያሉ ወር ያስቆጥራሉ። የምደባ መስፈርቱም ጥናቱ ሳይጀመር ተለጠፈ።

የካዛንቺሱ፦ ሜክሲኮ፣ ሰማህ? ተለጠፈ ነው ያሉት። አልተነገረም።

ሜክሲኮ፦ ሰማሁ። ግን እኔ ቡድን መሪ ነኝ፤ ውክልና የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ከላይ ያለው ካልፈረመልኝ እኔ ምን ልስጥ?

ባለጉዳይ ነኝ፦ ሄሄ፣ አንተም ተንሳፋፊ ነሃ!

ሜክሲኮ፦ ስድብ ከሆነ እወጣለሁ።

የድሮ ፋይል፦ ተወው፣ የተናገረው እውነት ነው። ኃላፊው መካከለኛውን ባዶ እጁን ልከውት ሠራተኛውን አሳምን ይሉታል። ያም ቢሮ ቢሆን ሁሉን አልፈታም። ለመስኮት ሠራተኞች ዩኒፎርምና የትርፍ ሰዓት ተፈቀደላቸው፣ ከኋላ ፋይሉን የሚያዘጋጁት ግን ምንም አላገኙም። አሁን መዝገብ ቤቱ ነው የሚያዘገየው።

ፒያሳ 06፦ እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። ለምን ታዲያ አንዘገይ?

ባለጉዳይ ነኝ፦ ይኸው አመነች!

ፒያሳ 06፦ አላመንኩም፣ ጠየቅኩ። ለእኔ ቅሬታ መልስ ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።