ጎዶሎ ቁጥሮች በተርታ ሲደመሩ ለምን ሁልጊዜ ካሬ ይመጣል?

የማራኪዋ እናት
ሰላም ናችሁ? ጎንደር ማራኪ ነው የምኖረው። የ8ኛ ክፍል ልጄ ጎዶሎ ቁጥሮችን ከ1 ጀምራ ስትደምር 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያለ ይሄዳል። «እማዬ፣ እነዚህ እኮ 1 በ1፣ 2 በ2፣ 3 በ3 ናቸው። ለምን?» ብላ ያዘችኝ። እንደሚሆን አየሁ፣ ለምን እንደሚሆን ግን አልገባኝም። ቀመር ብቻ አትስጡኝ፤ በዓይኗ የምታየው ነገር ነው የምፈልገው።

የካምፓስ ተማሪ
እህቴ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የደመርሻቸውን ቁጥሮች ብዛት ቁጠሪና በራሱ አባዢው። አራት ጎዶሎ ከሆኑ 4 በ4፣ 16 ይመጣል። እኔ ከ1 እስከ 39 ያሉትን ሃያዎቹን እየደመርኩ አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ 400 እስኪደርስ አንዴም አላዛባም። 20 ጊዜ ከሠራ ሁልጊዜም ይሠራል ማለት ነው።

የአዘዞ መምህር
ብዛቱን በራሱ ማባዛት የሚለው ትክክል ነው። «20 ጊዜ ከሠራ ሁልጊዜ ይሠራል» የሚለው ግን አያስኬድም። አንድ ቁጥር ውሰድ፣ በራሱ አባዛው፣ ራሱን ቁጥሩን ጨምርበት፣ 41 ደምርበት። ከ0 ጀምረህ እስከ 39 ብትሞክር የሚመጣው ሁሉ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር የማይካፈል ነው። 40 ላይ ስትደርስ 1681 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 41 በ41 ነው። አርባ ጊዜ ሠርቶ በአርባ አንደኛው ፈረሰ። እናቲቱ «ለምን» ማለቷ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

እህቴ፣ የለስላሳ ቆርኪ ሰብስቢ። ሁለት ዓይነት ቀለም ቢሆን ይመረጣል። አንድ ቀይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ይሄ 1 በ1 ነው። አሁን ወደ 2 በ2 ለማሳደግ በቀኙ አንድ፣ በላዩ አንድ፣ ጥጉ ላይ ደግሞ አንድ ነጭ ያስፈልግሻል። ሦስት ሆነ። ወደ 3 በ3 ስታሳድጊው በቀኝ ሁለት፣ በላይ ሁለት፣ ጥጉ ላይ አንድ። አምስት። ቀለሙን እየቀያየርሽ ስትቀጥዪ እያንዳንዱ ጎዶሎ ቁጥር እንደ ታጠፈ ክንድ አቅፎት ይታያል።

ልጅቷ ማየት ያለባት ጥጉን ነው። የቀኙና የላዩ ክንድ ሁልጊዜ እኩል ናቸው፣ ምክንያቱም ካሬው በሁሉም ጎኑ እኩል ነው። ሁለት እኩል ነገር ሲደመር ተጋማሽ ይሆናል። የጥጉ አንድ ስትጨመር ጎዶሎ ይሆናል። በየዙሩ ደግሞ እያንዳንዱ ክንድ በአንድ ቆርኪ ይረዝማል፤ ስለዚህ የሚጨመረው በሁለት በሁለት ያድጋል፦ 3፣ 5፣ 7፣ 9። ካሬው 10 በ10 ቢሆን ወይም ሚሊዮን በሚሊዮን ቢሆን የአጨማመሩ ሥርዓት ያው ነው። ስለዚህ 41ኛው ላይ ይፈርሳል ብለን አንሰጋም።

ሴራሚክ አንጣፊው
እኔ በሙያዬ ይሄን አውቀዋለሁ። 6 በ6 ያነጠፍኩትን በሁለት ጎን አንድ አንድ ረድፍ ጨምርበት ሲሉኝ 13 ሴራሚክ ነው የማዘው። 6፣ 6 እና የጥጉ አንድ። ግን አንድ ቤት 5 በ8 ነበር። እሱን በሁለት ጎን ሳሰፋው 14 ፈጀ። ታዲያ ጎዶሎ መሆን አልነበረበትም?

የአዘዞ መምህር
ጋሼ፣ የእርስዎ ክንዶች እኩል አይደሉም። አንደኛው 5፣ ሌላኛው 8፣ ጥጉ 1፤ 14። 5 በ8 የነበረው 6 በ9 ሆነ፤ ከ40 ወደ 54። ክንዶቹ እኩል እንዲሆኑ የሚያስገድደው ካሬ መሆኑ ብቻ ነው። 6 በ8 ቢሆን ኖሮ 15 ይፈጅ ነበር፤ ግን ጎዶሎ ስለሆነ ብቻ ካሬ አይሆንም።

የቀበሌ 18 ልጅ
እኔ ጋ አልሠራም! 2፣ 4፣ 6 እና 8 ደመርኩ፣ 20 መጣ። 20 ካሬ አይደለም።

የአዘዞ መምህር
አንተ የደመርከው ተጋማሾቹን ነው፤ ጥያቄው ስለ ጎዶሎ ነው። ቢሆንም ያንተም ወግ አለው። እያንዳንዱ ተጋማሽ ከእሱ በፊት ካለው ጎዶሎ በ1 ይበልጣል። አራት ስለሆኑ ከ16 በ4 ይበልጣል። 4 በ5 የሆነ አራት ማዕዘን ሠራህ ማለት ነው።

የማራኪዋ እናት
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቆርኪ ከጎረቤት ሱቅ ለመንንና እስከ 7 በ7 ደረደርን። ጥጉን ስታይ «አሃ!» አለች። አሁን ግን 1 ሲደመር 3 ሲደመር 5 እያለ እስከ 99 ቢመጣ «መልሱ 99 በ99 ነው» ትላለች። እኔም ስንት ቁጥር እንዳለ መቁጠሩ ከበደኝ።

የአዘዞ መምህር
ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ይሄ ነው። 99 የካሬው ጎን አይደለም፣ የመጨረሻው የታጠፈ ክንድ ነው። ጥጉን አንሺው፤ 98 ይቀራል። ለሁለት ክንድ ሲካፈል 49፣ 49። ጎኑ ማለት አንዱ ክንድ ከነጥጉ ነው፤ 50። መልሱ 50 በ50፣ 2500። መቁጠር አያስፈልግም። 99 በ99 ማለት ወደ አሥር ሺህ ሊጠጋ ነው፤ ሃምሳ ቁጥሮች፣ ሁሉም ከ100 በታች ሆነው፣ ከ5000 እንኳ ሊያልፉ አይችሉም። እንዲህ ብላ ብትገምት ስህተቱን ራሷ ትይዘዋለች።

የፒያሳው ሒሳብ ሠራተኛ
እኔ ከቆርኪ ይልቅ በማጣመር ይቀለኛል። 1 ከ99፣ 3 ከ97፣ 5 ከ95፤ ሁሉም 100 ይሆናል። ሃምሳ ቁጥሮች ናቸው፣ 25 ጥንድ፤ 2500። ብዛታቸው ጎዶሎ ከሆነ አንድ መሃል ላይ ይቀራል፦ 1 ከ9፣ 3 ከ7፣ 5 ብቻዋን። አማካዩ 5፣ ብዛቱም 5። አማካዩና ብዛቱ ሁልጊዜ አንድ ናቸው፤ ለዚህ ነው ራሱ በራሱ የሚባዛው።

የአዘዞ መምህር
ጥሩ ነው። ግን ከ1 መጀመሩን እንዳትረሱ። 3፣ 5 እና 7 ሲደመሩ 15 ነው፤ ካሬ አይደለም፣ የመጀመሪያዋ ቆርኪ ጎድላለችና። ከ11 እስከ 19 ያሉት ጎዶሎዎች ከተጠየቁ ደግሞ እስከ 19 ያለው 100 ነው፣ እስከ 9 ያለው 25፤ ልዩነቱ 75።

የካምፓስ ተማሪ
መምህር፣ እሺ፣ ማየቱ ይሻላል። ሌላ ነገር ግን አገኘሁ። ጎዶሎዎቹን 1 ብቻውን፣ ከዚያ 3 እና 5፣ ከዚያ 7፣ 9 እና 11 እያደረግኩ ስቧድናቸው 1፣ 8፣ 27 ይመጣል። ቀጣዮቹ አራቱ 13፣ 15፣ 17 እና 19፣ 64። ኪዩብ ነው! ይሄስ ለምን?

የፒያሳው ሒሳብ ሠራተኛ
በአማካይ እይው። የአራቱ አማካይ 16 ነው፣ 4 በ4። ሦስቱ 9፣ 3 በ3። ብዛት በአማካይ ስታባዛው ኪዩብ ይሆናል። አማካዩ ራሱ ለምን ካሬ ላይ እንደሚያርፍ ግን በምስል ላሳይህ አልቻልኩም።

የማራኪዋ እናት
ልጄ ይሄን አንብባ ተነሥታለች። ቆርኪው ሲደረደር እንጂ ሲደራረብ አይረጋም፤ ኪዩቡን በምን እንሥራው? ዘዴ ያለው ይጻፍልን።