12ቱን ቃላት ሰጥቻለሁ፤ የቀረችውን እንዴት ላውጣ?

ሰላም ወገኖች፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ማታ የተላከልኝ ዩኤስዲቲ ዘግይቶብኝ በዋሌቱ ተጠቃሚዎች ግሩፕ ጠየቅሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ» ያለ ሰው በውስጥ መስመር መጥቶ «ዋሌትህን እናስተካክለው» ብሎ ሊንክ ላከልኝ። ገጹ 12ቱን ቃላት ጠየቀ፣ አስገባሁ። መብራት ጠፍቶ ስልኬ 4 ፐርሰንት ላይ ነበር፣ ቸኮልኩ፤ ያው ምክንያት አይሆንም። 340 ዩኤስዲቲ ወዲያው ሄደ።

የቀረኝ ስቴክ ያደረግሁት 600 ትሮን ነው። ትናንት እንዲፈታ አዝዣለሁ፣ 14 ቀን ይጠበቃል። ለክፍያ ብዬ 20 ትሮን ብልክበት ደቂቃ ሳይቆይ ተወሰደ፤ ቦት ያስጠበቀበት ይመስለኛል። ቃላቱ ስለማይቀየሩ በሌላ ስልክ አዲስ ዋሌት ከፍቻለሁ።

አሁን ደግሞ አንድ «አስመላሽ» 150 ዶላር ቅድሚያና እነዚያኑ 12 ቃላት ይለኛል። እሱንስ ብሎክ አድርጌዋለሁ።

ጥያቄዬ፦ ቀኑ ሲሞላ ቦቱን ቀድሞ ወደ አዲስ ዋሌት ያሻገረ አለ? በየቀኑ በነጻ የሚሰጠው ባንድዊድዝ ይበቃኛል፣ ወይስ ሌባው አስቀድሞ ይጨርስብኛል? የአካውንቱን ፈቃድ ወደ ራሱ አዙሮት ከሆነስ የት ገብቼ ነው የማየው?