የበርበሬ ማሸጊያው የኢንስታግራም ስቶሪ፣ እስከ ቅዳሜ ይለቅ

ሄለን፦ ለቀረጻው ከማህበሩ ሳጥን የተፈቀደው 4,000 ብር ነው። ሽሮው ጎደለ ብላ የለጠፈችብንን ሴትዮ አልረሳችሁም መቼም። አንድ የእውነት ትዕዛዝ፣ 2 ኪሎ በርበሬ፣ ሲታሸግ እናሳይ። አምስት ስቶሪ፦ ትዕዛዙ፣ ባዶው ላስቲክ ሚዛን ላይ፣ ሲሞላ፣ ሲታሸግ፣ ሞተረኛው ሲረከብ።

ዳዊት፦ ባዶውና ሲሞላ ያለው ሳይቆረጥ ባንድ ቪዲዮ ይሁን። ላስቲኩ ሚዛኑ ላይ ይቀመጥ፣ ዜሮ ይደረግ፣ እዛው ይሞላና 2,000 ሲል ይታይ። መሃል ላይ ከቆረጣችሁት ሰው ቀይረውታል ነው የሚለው። ኢንስታግራም ላይ አንድ ስቶሪ 60 ሰከንድ ይይዛል፣ በጆግ ከገለበጣችሁት ይበቃል።

እትዬ አልማዝ፦ ጓንት የታለ?

ሄለን፦ እጃችን ንጹህ ነው እትዬ

እትዬ አልማዝ፦ ንጹህ መሆኑን ማን አየ? ጥፍር ቀለምሽ ነው የሚታየው

ትዕግስት፦ ነጭ ጓንት በርበሬ ሲነካው የታረደበት ነው የሚመስለው 😂 ጥቁር ይሁን

ጋሽ መኮንን፦ ጥቁር ደግሞ የጋራዥ ነው። ለማንኛውም ስቶሪ በ24 ሰዓት ይጠፋል፣ ለሚጠፋ ነገር 4,000 ብር?

ዳዊት፦ ሃይላይት ላይ ካስቀመጡት አይጠፋም ጋሼ። አዲስ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ትዕግስት፦ እኔ ዱባይ የላክሁት 3 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ተበተነ፣ የባለሻንጣዋ ልብስ ሁሉ ቀላ፣ እስካሁን አታናግረኝም

ዳዊት፦ ላስቲኩ አፍ ላይ ብናኝ ከቀረ ማሸጊያው አይዝም። በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው፣ ካሸግሽ በኋላ ጫን በይው፣ አየር ካመለጠ ድገሚው። እሱም ይቀረጽ፣ ከጓንት ይበልጣል።

እትዬ አልማዝ፦ ከጓንት ይበልጣል ማለት ምን ማለት ነው? 20 ዓመት በርበሬ ያስፈጨሁ ሴትዮ ነኝ እኮ!

ሄለን፦ እትዬ ማንም አልነካዎትም። ትዕዛዙ ላይ ያለውን የገዢዋን ስልክ ቁጥር እኔ በስልኬ ማርከር አጠቁረዋለሁ።

ዳዊት፦ በማርከር አይሆንም፣ ብርሃን ሲጨመርበት ከስር ያለው ቁጥር ይነበባል። ሳትቀርጪ በፊት ወረቀት ለጥፊበት። መጀመሪያ ግን አስፈቅጃት።

ትዕግስት፦ ናሆም ካሜራውን እኔ ብሎ ነበር የት ሄደ?

ሄለን፦ ከሰኞ ጀምሮ አያነብም

ጋሽ መኮንን፦ እንግዲያው ገንዘቡ የሚቀር ነገር ይግዛ። ጓንት፣ ሽርጥ፣ ሽርጡ ላይ የማህበሩ ስም

እትዬ አልማዝ፦ ይኸው! ሽርጡ አረንጓዴ ይሁን

ትዕግስት፦ ቢጫ

ዳዊት፦ ሚዛኑስ? ያለን እኮ ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ የሚዘልለው ነው፣ በሱ ቀርጸን ብንለቀው በራሳችን ላይ ማስረጃ ማቅረብ ነው

ሄለን፦ ከሽርጥ የተረፈ ካለ ባትሪ ይገዛ። እትዬ ይቅርታ፣ የጥፍሬን ቀለም አጠፋለሁ

እትዬ አልማዝ፦ አታጥፊ የኔ ልጅ፣ ጓንት ውስጥ ማን ያየዋል። ሽርጥ የሚሰፋ የማውቀው ሰው አለ፣ ነገ ዋጋ እጠይቃለሁ

ትዕግስት፦ ቅዳሜ ማነው የሚቀርጸው ታዲያ