ክሬዲቴ ተቆጠረ፣ ግን «ነፃ ምርጫ» ተብሎ፦ ምን ላድርግ?

ሰላም። አገሬ የጀመርኩትን ሲቪል ምህንድስና ውጭ አገር ልቀጥል ነው። 60 ክሬዲት ተቀበሉኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዝርዝሩን ሳየው ግን 24ቱ የገቡት በነፃ ምርጫ ኮርስነት ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ነፃ ምርጫ የሚፈልገው 6 ብቻ። ስለዚህ 18ቱ ወረቀት ላይ አሉ እንጂ ወደ ምረቃ አያቀርቡኝም። ውጤቴም አብሮ አልተሻገረም፤ እሱስ የተለመደ ነው አሉኝ።

የከፋው ስታቲክስ ነው። በግዴታ ኮርስነት ካልተያዘልኝ ቀጣዮቹን መመዝገብ ስለማልችል አንድ ኮርስ አንድ ዓመት ሊበላብኝ ነው። የላክሁት ትራንስክሪፕትና አጭር የኮርስ መግለጫ ብቻ ነበር። አሁን ሳምንታዊ ርዕሶቹና የመማሪያ መጽሐፉ ያሉበትን ሙሉ ሲለበስ በማኅተም አስልኬ እንደገና እንዲታይልኝ ልጠይቅ ነው። እንዲህ አድርጎ ያስቀየረ አለ? አቤቱታው ለሬጅስትራር ነው ወይስ በቀጥታ ለዲፓርትመንቱ?